የበጀት ማብራሪያ አዘገጃጀት፦ እያንዳንዱን የወጪ መስመር ከፕሮጀክት ተግባር ጋር ማያያዝ

የበጀት ማብራሪያ ለድጋፍ ገንዘብ በሚቀርብ የፕሮጀክት ፕሮፖዛል ውስጥ የሚገኝ ክፍል ሲሆን፣ በበጀት ሠንጠረዡ ላይ የሰፈረው እያንዳንዱ ወጪ ለምን እንደሚያስፈልግና መጠኑ እንዴት እንደተሰላ በጽሑፍ ያስረዳል። ሠንጠረዡ የገንዘቡን መጠን ያሳያል፤ ማብራሪያው ደግሞ ገንዘቡ የትኛውን ሥራ ለማከናወን እንደሚውል ይገልጻል። ፕሮፖዛሉን የሚገመግመው ባለሙያ የሥራ ዕቅዱንና በጀቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለት ነገሮችን ይመረምራል፦ በዕቅዱ ላይ ለሌለ ሥራ የተያዘ ወጪ መኖሩን እና በዕቅዱ ላይ ሰፍሮ በጀት ያልተያዘለት ሥራ መኖሩን።

ይህ ጽሑፍ ድጋፍ ለመጠየቅ ለሚዘጋጁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የበጀት ማብራሪያ በምን ቅደም ተከተል እንደሚዘጋጅ በአንድ ምሳሌ ያስረዳል። ምሳሌው አንድ ድርጅት በአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት ምንጮችን ለማጎልበት ያዘጋጀው የ12 ወር ፕሮጀክት ነው። በምሳሌው የተጠቀሱት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ የወቅቱን የገበያ ዋጋ አያመለክቱም።

ወጪን ከተግባር ጋር ማያያዝ ያስፈለገበት ምክንያት

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለአጠቃላይ ሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከድርጅቱ የፕሮጀክት ተግባራት ጋር ያልተያያዘውን፣ ነገር ግን ለድርጅቱ ቀጣይ ህልውና አስፈላጊ የሆነውን ወጪ ነው። የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ፣ ለአስተዳደር ሥራ የሚውል ተሽከርካሪ ነዳጅና ጥገና ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ።

ከዚህ ትርጓሜ እንደሚታየው የአንድን ወጪ ምድብ የሚወስነው ወጪው የሚያገለግለው ሥራ ነው። ሲሚንቶ ወደ ምንጩ የሚያጓጉዝ መኪና ነዳጅ የፕሮጀክት ተግባር ወጪ ሲሆን፣ ለቢሮ ጉዳይ የሚንቀሳቀስ መኪና ነዳጅ ግን የአስተዳደር ወጪ ነው። በበጀቱ ላይ «ነዳጅ፦ 60,000 ብር» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ገምጋሚው ወጪው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በመሆኑም በቂ ማብራሪያ ያልቀረበለት ወጪ ሊቀነስ ወይም እንደ አስተዳደር ወጪ ሊቆጠር ይችላል።

በመጀመሪያ ተግባራትን መዘርዘር

ብዙ አመልካቾች የበጀት ዝግጅትን የሚጀምሩት ደመወዝ፣ ውሎ አበል፣ ነዳጅ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ከሚሉት የወጪ መደቦች ነው። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ በጀት ድርጅቱ በየዓመቱ የሚያወጣቸውን ወጪዎች ይዘረዝራል፤ ፕሮጀክቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ግን አያሳይም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከሥራ ዕቅዱ ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ተግባር ቁጥር መስጠት፣ ቀጥሎም ያንን ተግባር ለመፈጸም የሚያስፈልገውን ሰው፣ ዕቃና አገልግሎት መዘርዘር፣ በመጨረሻም ዋጋ ማስላት ነው።

በምሳሌው ፕሮጀክት ሦስት ተግባራት አሉ።

- ተግባር 1፦ ሁለት ምንጮችን ማጎልበት (ከ1ኛው እስከ 7ኛው ወር)
- ተግባር 2፦ የሁለቱን ምንጮች የውኃ ኮሚቴዎች 14 አባላት ለሦስት ቀን ማሠልጠን (8ኛው ወር)
- ተግባር 3፦ የምንጮቹን አገልግሎትና የውኃውን ጥራት መከታተል (ከ9ኛው እስከ 12ኛው ወር)

እነዚህ ቁጥሮች በሥራ ዕቅዱ፣ በበጀት ሠንጠረዡና በማብራሪያው ላይ ሳይለወጡ መቀመጥ አለባቸው። በዕቅዱ ላይ «ተግባር 2» የተባለው ሥልጠና በበጀቱ ላይ «የአቅም ግንባታ» ተብሎ ከተጠቀሰ ገምጋሚው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አድርጎ ሊወስዳቸው ይችላል። ለጋሹ በሚሰጠው ቅጽ ላይ የተግባር ቁጥር የሚጻፍበት ዓምድ ከሌለ፣ ቁጥሩን በወጪው መግለጫ መጀመሪያ ላይ ማስፈር ይቻላል።

የአንድ የወጪ መስመር ማብራሪያ የሚይዛቸው ነጥቦች

የእያንዳንዱ ወጪ ማብራሪያ አራት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፦ ወጪው የትኛውን ተግባር ያገለግላል? ብዛቱ ከምን የተነሣ ነው? ስሌቱ እንዴት ነው? የነጠላ ዋጋው ከየት ተገኘ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው።

የሲሚንቶ ግዥ በዚህ መልክ ሊብራራ ይችላል፦

«ተግባር 1። በግንባታ ንድፉ መሠረት ለእያንዳንዱ ምንጭ 40 ኩንታል፣ ለሁለት ምንጮች 80 ኩንታል ሲሚንቶ ያስፈልጋል። 80 ኩንታል × 1,800 ብር = 144,000 ብር። የነጠላ ዋጋው በወረዳው ከተማ ካሉ ሦስት አቅራቢዎች በተሰበሰበ ፕሮፎርማ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል።»

ከአራቱ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ መልስ ሳያገኝ የሚቀረው ሁለተኛው ነው። 80 ኩንታል በ1,800 ብር ሲባዛ 144,000 ብር መሆኑን ማንም አስልቶ ሊያረጋግጥ ይችላል። ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው ግን 80 ኩንታል ለምን እንዳስፈለገ ነው። በምሳሌው ብዛቱ ከግንባታ ንድፉ ጋር ስለተያያዘ ገምጋሚው ንድፉን ገልጦ ማመሳከር ይችላል።

የተጨማሪ እሴት ታክስ ጉዳይም ጥንቃቄ ይሻል። አንዳንድ አቅራቢዎች በፕሮፎርማ ላይ ታክስ ያልተጨመረበትን ዋጋ ያሰፍራሉ። ይህ ዋጋ እንዳለ ወደ በጀት ከገባ በግዥ ወቅት የ15 በመቶ ጉድለት ይፈጠራል። ስለሆነም ዋጋው ታክስን የሚያካትት መሆኑና አለመሆኑ በማብራሪያው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

አንዱ ወጪ ሌላውን ሊወስን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ብዛቶቹ እርስ በርስ መጣጣም አለባቸው። በምሳሌው ለማጓጓዣ የተያዘው የሁለት ምልልስ የአይሱዙ ኪራይ ነው፦ 2 ምልልስ × 12,000 ብር = 24,000 ብር። የምልልሱ ብዛት የተወሰነው ለእያንዳንዱ ምንጭ የሚያስፈልገው 40 ኩንታል በአንድ ጉዞ ስለሚደርስ ነው። በበጀቱ ላይ አምስት ምልልስ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ተጨማሪዎቹ ሦስት ጉዞዎች ምን እንደሚጭኑ ማስረዳት ያስፈልግ ነበር።

የሥልጠና ወጪ

ሥልጠና በርካታ ጥቃቅን ወጪዎችን የሚይዝ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ «የሥልጠና ወጪ» በሚል አንድ ድምር ይቀርባል። ይህ አቀራረብ ድምሩ ከተሳታፊዎችና ከቀናት ብዛት ጋር ያለውን ዝምድና ይሸፍናል። በምሳሌው የተግባር 2 ሥልጠና በወረዳው ከተማ የሚሰጥ ሲሆን፣ ወጪው እንደሚከተለው ይዘረዘራል፦

- የተሳታፊዎች ውሎ አበል፦ 14 ሰው × 3 ቀን × 500 ብር = 21,000 ብር
- የተሳታፊዎች መጓጓዣ፦ 14 ሰው × 2 ጉዞ × 100 ብር = 2,800 ብር
- የአሠልጣኞች ክፍያ፦ 2 ሰው × 3 ቀን × 1,200 ብር = 7,200 ብር
- የአዳራሽ ኪራይ፦ 3 ቀን × 1,500 ብር = 4,500 ብር
- የጽሕፈት መሣሪያ፦ 14 ሰው × 150 ብር = 2,100 ብር

ድምሩ 37,600 ብር ነው። 14 እና 3 የሚሉት ቁጥሮች በሥራ ዕቅዱ ላይ የተጠቀሱት የሠልጣኞችና የቀናት ብዛት ናቸው። በዕቅዱ ላይ 14 ሠልጣኝ ተብሎ በበጀቱ ላይ የ20 ሰው አበል ቢያዝ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። እንዲህ ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚፈጠረው ፕሮፖዛሉ ሲሻሻል ዕቅዱ ተስተካክሎ በጀቱ እንደነበረ በመቅረቱ ነው። በመሆኑም በዕቅዱ ላይ ለውጥ በተደረገ ቁጥር ተመሳሳዩ ቁጥር በበጀቱና በማብራሪያው ላይም መስተካከሉን ማረጋገጥ ይገባል።

በበርካታ ተግባራት ላይ የሚውሉ ወጪዎች

ለማያያዝ የሚያስቸግሩት እንደ ፕሮጀክት አስተባባሪ ደመወዝና ነዳጅ ያሉ፣ ከአንድ በላይ ተግባር የሚያገለግሉ ወጪዎች ናቸው። ለእነዚህ መፍትሔው የማከፋፈያ መሠረት መምረጥና መሠረቱን በጽሑፍ ማስፈር ነው። ለደመወዝ የሥራ ጊዜ፣ ለነዳጅ ደግሞ የጉዞ ብዛትና ርቀት ተስማሚ መሠረቶች ናቸው።

በምሳሌው አስተባባሪው ሙሉ የሥራ ጊዜውን ለዚህ ፕሮጀክት ያውላል። ወርኃዊ ደመወዙ 18,000 ብር ነው። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ 1,980 ብር ሲጨመር ወርኃዊ ወጪው 19,980 ብር ይሆናል። በሥራ ዕቅዱ መሠረት ሰባት ወር በተግባር 1፣ አንድ ወር በተግባር 2፣ አራት ወር በተግባር 3 ላይ ይሠራል። ስለዚህ ለሦስቱ ተግባራት በቅደም ተከተል 139,860፣ 19,980 እና 79,920 ብር ይደርሳል፤ የዓመቱ ድምር 239,760 ብር ነው። የጡረታ መዋጮውን መርሳት በየወሩ 1,980 ብር፣ በዓመት 23,760 ብር ጉድለት ያስከትላል።

አስተባባሪው ወደ ቀበሌው የሚጓዘው በሞተር ብስክሌት ነው። የደርሶ መልስ ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሞተር ብስክሌቱ በአንድ ሊትር 30 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ማለትም ለአንድ ጉዞ 2 ሊትር ያስፈልጋል። ሊትሩ በ130 ብር ሲሰላ የአንድ ጉዞ ነዳጅ 260 ብር ነው። ለግንባታ ቁጥጥር 14 ጉዞ፣ ለሠልጣኞች ምልመላ 2 ጉዞ፣ ለክትትል 8 ጉዞ፣ በድምሩ 24 ጉዞ ታቅዷል። የነዳጅ በጀቱ 6,240 ብር ይሆናል። ስሌቱ ከጉዞ ስለተነሣ አመልካቹም ገምጋሚውም መጠኑ ከየት እንደመጣ በቀላሉ ይረዳሉ።

ድጋፉ ከተገኘ በኋላ ይህ ክፍፍል በማስረጃ መደገፍ አለበት። ለደመወዝ በየወሩ የሚፈረም የሥራ ጊዜ መዝገብ፣ ለነዳጅ ደግሞ ቀኑን፣ መድረሻውንና የጉዞውን ዓላማ የያዘ የጉዞ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገብ ሊያዝለት የማይችል የማከፋፈያ መሠረት በኦዲት ወቅት ስለማያገለግል በፕሮፖዛሉ ላይ ባይመረጥ ይሻላል።

ከተግባር ጋር የማይያያዙ ወጪዎች

ሁሉም ወጪ ከተግባር ጋር ሊያያዝ አይችልም። በምሳሌው ድርጅቱ ሌላም ፕሮጀክት ስላለው በወር 8,000 ብር የሆነው የቢሮ ኪራይ ለሁለት ተከፍሎ ለዚህ ፕሮጀክት 48,000 ብር ይደርሳል። የሒሳብ ሠራተኛው ወርኃዊ ደመወዝ 15,000 ብር ሲሆን፣ ከሥራ ጊዜው 25 በመቶው ለዚህ ፕሮጀክት ይውላል፤ ከጡረታ መዋጮ ጋር በዓመት 49,950 ብር ይሆናል። የኦዲት ክፍያ 20,000 ብር ሲጨመር ድምሩ 117,950 ብር ነው።

እነዚህ ወጪዎች በግልጽ «የአስተዳደር ወጪ» በሚል ርዕስ መቅረብ አለባቸው። የሒሳብ ሠራተኛውን «የፕሮጀክት ፋይናንስ ባለሙያ» ብሎ ከተግባር 1 ሥር ማስገባት የሥራውን ባሕርይ አይለውጠውም፤ ገምጋሚው በሌሎቹ መስመሮች ላይ ያለውን እምነትም ይቀንሳል። «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚል መስመርም የሚያገለግለው ተግባር ስለሌለ ባይያዝ ይመረጣል። ለዋጋ ንረት መጠባበቂያ ካስፈለገ ለጋሹ መጠባበቂያ መፍቀዱንና ምን ያህል እንደሚፈቅድ ከመመሪያው አይቶ ለብቻው ማቅረብ ይገባል።

የምሳሌው በጀት ማጠቃለያ

ቀሪዎቹ የተግባር 1 ወጪዎች የግንበኞች ክፍያ (2 ግንበኛ × 30 ቀን × 2 ምንጭ × 900 ብር = 108,000 ብር) እና በንድፉ ዝርዝር መሠረት የሚገዙ ቧንቧዎችና መገጣጠሚያዎች (62,000 ብር) ናቸው። በተግባር 3 የውኃ ጥራት ምርመራ ይደረጋል (2 ምንጭ × 2 ጊዜ × 2,500 ብር = 10,000 ብር)። ሁሉም ሲደመር በጀቱ የሚከተለውን ይመስላል፦

| ርዕስ | ብር |
|---|---|
| ተግባር 1 | 481,500 |
| ተግባር 2 | 58,100 |
| ተግባር 3 | 92,000 |
| የአስተዳደር ወጪ | 117,950 |
| ጠቅላላ | 749,550 |

የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላው በጀት 15.7 በመቶ ያህል ነው። የአስተባባሪው ደመወዝና ነዳጁ ከተግባራት ጋር ሳይያያዙ ቀርተው ገምጋሚው እንደ አስተዳደር ወጪ ቢቆጥራቸው ግን ድርሻው ከ48 በመቶ በላይ ይሆን ነበር። የተጠየቀው ገንዘብም የታቀደው ሥራም አልተለወጠም፤ ልዩነቱን የፈጠረው ማብራሪያው ነው። በአዋጁ የተመለከተው 20 በመቶ የሚሰላው ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ እንጂ ከአንድ ፕሮጀክት በጀት አይደለም። ይሁን እንጂ ለጋሾች ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሳቸውን ጣሪያ ሊያስቀምጡ ስለሚችሉ የለጋሹን መመሪያ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

የኅብረተሰብ መዋጮ

የአካባቢው ነዋሪዎች በጉልበት የሚያበረክቱት ሥራ ከለጋሹ የሚጠየቅ ገንዘብ ባይሆንም በተመሳሳይ መንገድ መብራራት አለበት። በምሳሌው ለተግባር 1 ቁፋሮና ድንጋይ ማጓጓዝ 20 ሰዎች በእያንዳንዱ ምንጭ ለ15 ቀናት ይሠራሉ። በቀን 200 ብር ሲገመት 20 ሰው × 15 ቀን × 2 ምንጭ × 200 ብር = 120,000 ብር ይሆናል። ይህ መጠን በተለየ ዓምድ ይቀመጣል፤ ከ749,550 ብሩ ጋር አይደመርም። መዋጮው ካልተገለጸ ገምጋሚው ቁፋሮውን ማን እንደሚሠራ ስለማያውቅ ተግባሩ በጀት እንደጎደለው ሊቆጥረው ይችላል።

ፕሮፖዛሉን ከማስገባት በፊት የሚደረግ ማጣራት

ማጣራቱ በሁለት አቅጣጫ ይከናወናል። በመጀመሪያ እያንዳንዱን የወጪ መስመር አንድ በአንድ በመውሰድ የተግባር ቁጥር እንዳለውና የተጠቀሰው ተግባር በዕቅዱ ላይ በእርግጥ መኖሩን ማየት ነው። ተግባር ያልተገኘለት ወጪ ወይ የአስተዳደር ወጪ ነው፣ ወይ መሰረዝ አለበት፣ ወይም በዕቅዱ ላይ ሳይጻፍ የቀረ ሥራ መኖሩን ያመለክታል።

ቀጥሎ በተቃራኒው ከሥራ ዕቅዱ በመነሣት እያንዳንዱ ተግባር ለመፈጸም የሚያስፈልገው ሁሉ ዋጋ እንደተያዘለት ማረጋገጥ ነው። ይህ ሁለተኛው ማጣራት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በዕቅዱ ላይ «የውኃ ጥራት ምርመራ ይደረጋል» ተብሎ ለምርመራው ገንዘብ ካልተያዘ ድርጅቱ ገንዘብ ለሌለው ሥራ ግዴታ ገብቷል ማለት ነው። ማጣራቱን በጀቱን ያላዘጋጀ ሌላ ባልደረባ ቢያደርገው የተዘለሉ ነገሮች በቀላሉ ይታያሉ።

ድጋፉ ከተገኘ በኋላ

በዚህ መልክ የተዘጋጀ ማብራሪያ በፕሮጀክቱ አፈጻጸም ወቅትም ያገለግላል። ለምሳሌ የአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ዋጋ ከ1,800 ወደ 2,100 ብር ቢያድግ፣ ለ80 ኩንታል ተጨማሪ 24,000 ብር ያስፈልጋል። ድርጅቱ ጭማሪው የመጣው ከብዛት ሳይሆን ከነጠላ ዋጋ ለውጥ መሆኑን፣ የሚነካውም ተግባር 1 ብቻ መሆኑን በአዲስ ፕሮፎርማ አስደግፎ ለለጋሹ ማሳየት ይችላል። ከአንድ መስመር ወደ ሌላ መስመር ገንዘብ ለማዛወር ግን የድጋፍ ስምምነቱ የሚጠይቀው ፈቃድ ካለ ወጪው ከመፈጸሙ በፊት በጽሑፍ ማግኘት ያስፈልጋል።